ስልኬ ውስጥ ያለው ዘፈን ለምን አይዘፍንም?

በየወሩ እየከፈልን የምናዳምጥባቸው የሙዚቃ መተግበሪያዎች አንጀቴን አሳርረውታል። ክፍያ ለጊዜው ማቆምና ጨርሶ መሰረዝ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ፣ የደረደርነው የዘፈን ዝርዝርና ስልካችን ላይ ያወረድነው ዘፈን በሁለቱ መንገድ ምን እንደሚገጥመው፣ ገንዘቡን የሚቀበሉት ሰዎች በቀላል ቋንቋ ሊነግሩን አይፈልጉም። ሲያስከፍሉ አንደበተ ርቱዕ ናቸው፤ ስናቆም ግን ዲዳ ይሆናሉ።

ወሎ ውስጥ ለዘፈን ዝርዝር መጨነቅ ቅንጦት አይደለም። የእኔ በቅኝት የተከፋፈለ ነው፤ ትዝታው ለብቻ፣ ባቲው ለብቻ፣ አምባሰሉ ለብቻ፣ አንቺሆዬው ለብቻ፤ መንዙማው ደግሞ ለረመዳን የራሱ ቦታ አለው። የአማርኛ ዘፈን ርዕስ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ሰው በመሰለው ስለሚጽፈው አንዱን ዜማ ለማግኘት ብዙ ዓይነት አጻጻፍ መሞከር ያስፈልጋል፤ ካገኙትም በኋላ አዳምጦ ቅኝቱን መለየት አለ። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ቁልፍ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ራሱ ያማል።

እንደ ብዙዎቻችን የእኔንም ክፍያ የሚፈጽመው ውጭ ያለ ዘመድ ነው፤ ጅዳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ። ክረምቱ ሲገባ ሥራ ቀየረችና ደወለች። «ወንድሜ፣ ሁለት ወር ብናቆመው ይከፋሃል?» አለችኝ። «ምን ይከፋኛል እታለም! ብቻ እንዳይሰረዝ፤ ባለበት ይቁም» አልኳት። ስልኩን እንደያዘች ፍለጋ ገባች። ለጊዜው ማቆም የሚል ቁልፍ ፊት ለፊት የለም። የተቀመጠው የት ነው? መሰረዝ በሚለው ውስጥ! ላለመሰረዝ መጀመሪያ ልሰርዝ ነው ማለት ያስፈልጋል። አግኝታው ስትጫነው የወጣው ጽሑፍ በፈለጉት ጊዜ መመለስ እንደምንችል የሚያበስር ነበር። ስላወረድኩት ዘፈን አንዲት ቃል የለችበትም።

የተከፈለበት ወር እስኪያልቅ ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ማቆሙ የሚጀምረው ቁልፉን በተጫኑበት ቀን ሳይሆን የተከፈለው ጊዜ ሲያበቃ ነውና። ወሩ ሞላ። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው አውቶቡስ ጉጉፍቱን ሲያልፍ ኔትወርኩ መጣ ሄድ ይላል፤ ዘፈን የማወርደውም ለዚህ መንገድ ነው። ከፈትኩት። ዝርዝሮቼ በሙሉ አሉ፤ አምባሰሉም ባቲውም በቦታቸው። የዘፈኖቹ ስም ግን አመድ መስሏል፤ ቢነኩት አይሰማም። የስልኩን ማስተካከያ ገብቼ መተግበሪያው የያዘውን ቦታ ብመለከት ከ2 ጊጋ ባይት በላይ! ዘፈኑ ስልኬ ውስጥ አለ፣ ቦታዬን ይዟል፣ ግን አይዘፍንም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ዝርዝር ማለት የዘፈን ስም የተጻፈበት ትንሽ መዝገብ ነው፤ የሚቀመጠውም በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ፣ በእኛ መለያ ስር ነው። ያወረድነው ዘፈን ግን ስልካችን ላይ ያለ በምስጢር የተቆለፈ ፋይል ነው። ሳጥኑ እኛ ቤት፣ ቁልፉ እነርሱ ዘንድ። መተግበሪያው በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ደንበኝነታችን ጸንቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ካልጸና ፋይሉን አይከፍተውም። ስለዚህ ለጊዜው አቆምን አልን ሰረዝን፣ ያወረድነውን በዚያ ወቅት አንሰማም። በዚህ ረገድ ሁለቱ ቅንጣት ልዩነት የላቸውም።

ልዩነቱ የሚታየው ስንመለስ ነው። ዩቲዩብ ለምሳሌ በደንቡ እንደጻፈው፣ ደንበኝነት ለጊዜው ሲቆም የወረደው ነገር አይጠፋም፤ እስክንመለስ ድረስ ግን አይከፈትም። መሰረዝ ሌላ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በሌላ መተግበሪያ ሰርዞ ሲመለስ የዘፈኖቹ ስም እንዳለ ጠበቀው፤ ፋይሎቹ ግን ከስልኩ ተጠርገው ነበር። እስቲ እናስላው። አንድ የ4 ደቂቃ ዘፈን በሰከንድ 256 ኪሎ ቢት ጥራት ሲወርድ 7.7 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። 300 ዘፈን ሲሆን 2.3 ጊጋ ባይት ነው። ቤቱ ዋይፋይ ላለው ሰው ይህ የአንድ ሻይ ጊዜ ነው፤ የሞባይል ጥቅል እየገዛ ለሚያወርድ መምህር ግን ሁለተኛ ክፍያ ነው። ለጊዜው የማቆም ጥቅሙ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሙዚቃ አይሰጥም፣ ድጋሚ ከማውረድ ያድናል። ይህንን በአንድ መስመር መጻፍ ምን ያቅታል?

ዝርዝሩም ቢሆን ሁሉም ዘንድ አይተርፍም። ስፖቲፋይ ላይ ክፍያው ሲቀር ወደ ነፃው አገልግሎት እንወርዳለን፤ ዝርዝሩ ይቀራል፣ የወረደው ይሄዳል። አፕል ሙዚቃ ደግሞ ለጊዜው ማቆም የሚባል ነገር የለውም፤ መሰረዝ ብቻ ነው። ከእነርሱ ማከማቻ የሰበሰብነውና የደረደርነው ደንበኝነቱ ሲያበቃ ከእጃችን ይወጣል። አንድ በአንድ ከፍለን የገዛነው ዘፈን ግን የእኛው ነው።

ከሁሉ የሚያበግነኝ የ30 ቀኑ ነገር ነው። ስፖቲፋይም ዩቲዩብም የወረደ ነገር እንዳይቆለፍ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ውጡ ይላሉ፤ ከፍለንም ቢሆን። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቆየው ለወራት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ለመስማት የወረደ ዘፈን ኢንተርኔት ስለሌለ ተቆለፈ! ይህንን ደንብ የጻፈው ሰው ከተማው ውስጥ መብራት እንኳን ጠፍቶበት የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሁን ያቆመ ሰው ካለ፣ ዘፈኑ አልሠራም ብሎ ተናድዶ መተግበሪያውን ከስልኩ እንዳያጠፋው፤ ከመለያውም አይውጣ። ያን ጊዜ የተቆለፈውም ፋይል ይጠፋና ለጊዜው ማቆሙ ትርጉም ያጣል። ፋይሉ መኖሩ የሚታወቀው መተግበሪያው በያዘው ቦታ መጠን ነው፤ ከጊጋ ባይት ወደ ጥቂት ሜጋ ባይት ከወረደ ተጠርጓል ማለት ነው። ክፍያው ሲመለስም ከደሴ ሳይወጡ፣ ኔትወርክ ባለበት መተግበሪያውን ከፍቶ ስሞቹ ከአመድነት እስኪላቀቁ መጠበቅ ያስፈልጋል። የዩቲዩብ ተጠቃሚ ዝርዝሩን የራስን መረጃ ከጉግል ማውጫ በሆነው በGoogle Takeout በኩል ማውጣት ይችላል፤ የሚደርሰው ፋይል ዘፈኑን አይዝም፣ መዝገቡን ግን ይዟል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእህቴ በድምፅ መልእክት ልኬላታለሁ። ለጊዜው የቆመ ደንበኝነት ቀኑ ሲሞላ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይቀጥላል፤ ገንዘቡም በዚያው ቀን ከካርዷ ይቆረጣል። አዲሱ ደመወዟ ከዚያ በፊት ካልገባ ማቆሚያውን ማራዘም አለባት። የማራዘሚያውን ቁልፍ ደግሞ የት ደብቀውት እንደሆነ እስካሁን አላገኘችውም።