«ተበደሩኝ» ሲባል ስንት ሰው ነው?

«አጎቴንና ሚስቱን በብድር ልከስ ነው። በማመልከቻው ላይ ‹እሱ› ልበል ወይስ ‹እሳቸው›? ‹እሳቸው› ካልኩ የፈራሁ አይመስልም?»

አይመስልም፤ «እሳቸው» ይጻፉ። ጎንደር ውስጥ በዕድሜ የገፋ አጎትን «ሰደበኝ፣ ካደኝ» ብሎ መጻፍ ዳኛው ፊት ነጥብ አያስገኝም። ወረቀቱ ከመዝገብ ጋር ተያይዞ ይቆያል፤ ዘመዱም፣ ለሽምግልና የሚቀመጠውም ሰው ያነበዋል። ደግሞ አንቱታ ክስን አያለሳልስም። «1ኛ ተከሳሽ ገንዘቤን ክደውኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከ«ካደኝ» ያነሰ ከባድ አይደለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በአማርኛ የአክብሮቱ ግሥና የብዙ ቁጥሩ ግሥ አንድ ናቸው። አጎትዎ ብቻቸውን ቢበደሩም «ተበደሩኝ»፣ ከሚስታቸው ጋር ቢበደሩም «ተበደሩኝ» ነው። «ሰጠኋቸው»፣ «ቤታቸው»፣ «እንዲከፍሉኝ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ጾታም ይጠፋል። «ወሰደ» እና «ወሰደች» ባልና ሚስቱን ይለያሉ፤ «ወሰዱ» አይለይም። ቡና ላይ ስንጫወት ማን እንደሆነ ከወሬው ይገባናል። ዳኛው ግን ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

አንድ ጉዳይ እንበል። ከሳሽ 120,000 ብር አበድራለች። 1ኛ ተከሳሽ አጎቷ፣ 2ኛ ተከሳሽ የአጎቷ ሚስት ናቸው። ማመልከቻ ጻፊው የነገረችውን ሰምቶ እንዲህ ተየበው፦

«ገንዘቡን አዘዞ ቤታቸው ሄጄ ሰጠኋቸው። በሦስት ወር እንመልሳለን አሉኝ። ከዚያም 40,000 ብር መለሱልኝ። ቀሪውን ስጠይቀው ሰደበኝ። ስለዚህ እንዲከፍሉኝ ይወሰንልኝ።»

ሲነበብ ጥሩ ይመስላል። አሁን ግን በተከሳሾች ጠበቃ ዓይን እንየው። «ሰጠኋቸው» ሲል ገንዘቡ የማን እጅ ገባ? «አሉኝ» ሲል ቃል የገባው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱ? «እንመልሳለን» የሚለው ሁለቱን ያስመስላል፤ ግን ባል ብቻውንም ስለ ቤቱ ሲናገር እንዲህ ይላል። 40,000ውን ማን መለሰው? ከዚያ ደግሞ ድንገት «ስጠይቀው ሰደበኝ» ይመጣል። እስከዚያ ድረስ «እሳቸው» የነበረ ሰው እዚህ «እሱ» ሆነ። አንባቢው ሁለት ነገር ይጠረጥራል፤ ወይ ጸሐፊው ተናዷል፣ ወይ ሦስተኛ ሰው ገብቷል፤ ለምሳሌ የአጎቷ ልጅ። የ2ኛ ተከሳሽ መልስ ከወዲሁ ይታየኛል፦ «ክሱ እኔ ምን እንደተቀበልኩ አይገልጽም፤ ከክሱ ልሰናበት።»

ብዙ ሰው እዚህ ጋ «እንግዲያው አንቱታውን እንተወው» ይላል። እኔ አልስማማም። «ተከሳሽ ወሰደ፣ ተከሳሽ ሄደ» ብሎ ሁሉንም በተባዕት ነጠላ መጻፍ ቁጥሩን ያጠራል፤ ግን ሚስትየዋ «ወሰደ» ስትባል አይመችም፣ አጎትየውም ስድብ አድርገው ይወስዱታል። የሚሻለው አንቱታውን ይዞ፣ ግሡ የማይናገረውን በስሙ ማናገር ነው። አንቱታ ያለበት ግሥ ብቻውን አይቁም። ከፊቱ «1ኛ ተከሳሽ»፣ «2ኛ ተከሳሽ» ወይም «ሁለቱም ተከሳሾች» ይኑር። መደጋገሙ ጆሮ ያሰለቻል፤ ያሰልች። ማመልከቻ ደብዳቤ አይደለም።

ያው ጉዳይ ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦

«ታኅሣሥ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. አዘዞ በሚገኘው የተከሳሾች መኖሪያ ቤት ለ1ኛ ተከሳሽ 120,000 ብር በእጃቸው ሰጠሁ። ገንዘቡን በሦስት ወር ውስጥ እንደሚመልሱ 1ኛ ተከሳሽ በጽሑፍ አረጋግጠውልኛል። 2ኛ ተከሳሽ በብድር ውሉ ላይ ፈርመዋል። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. 2ኛ ተከሳሽ 40,000 ብር መልሰውልኛል። ቀሪውን 80,000 ብር ስጠይቅ 1ኛ ተከሳሽ አልከፍልም ብለዋል።»

አሁን አክብሮቱም አለ፣ ሰውም አይምታታም። ሌላም ጥቅም አለው። በዚህ መልክ ለመጻፍ ሲሞከር ከሳሿ ራሷ «ለመሆኑ ሚስትየዋ ፈርመዋል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የአጎትየው ፊርማ ብቻ ከሆነ፣ ክሱ ላይ ያለው «ተበደሩኝ» ከማስረጃው ጋር ይጋጫል። ያን ጊዜ «2ኛ ተከሳሽ ፈርመዋል» የሚለው መስመር ይወጣል፤ ሚስትየዋን መክሰስ ራሱ እንደገና ይታሰብበታል።

ዳኝነት የሚጠየቅበት መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነገሩ ይብሳል። «እንዲከፍሉኝ» ብቻ ከተባለ ሙሉውን አንዱ ይክፈል፣ ይካፈሉት፣ አይታወቅም። ሁለቱም የፈረሙ ከሆነ «1ኛ እና 2ኛ ተከሳሾች 80,000 ብር በአንድነትና በነጠላ እንዲከፍሉ ይወሰንልኝ» ይባላል፤ ሙሉውን ከሁለቱም ወይም ከአንዳቸው መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። አጎትየው ብቻ ከሆኑ «1ኛ ተከሳሽ እንዲከፍሉ» ይባላል።

ስለ ራስዎ ደግሞ፣ ክሱን የሚፈርሙት እርስዎ ከሆኑ «ሰጠሁ፣ ጠየቅሁ» ይበሉ። «ከሳሽ ሰጥተዋል» የሚለው ጠበቃ ስለ ደንበኛው ሲጽፍ ያምራል፤ ራስን አንቱ ማለት ግን ያስቃል። የባሰው ቅልቅሉ ነው፦ «ከሳሽ ገንዘቡን ሰጥተው ሳበቃ»። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው። ፍርድ ቤቱን በተመለከተ «እንድትወስኑልኝ»፣ «እንዲወስንልኝ»፣ «እንዲወስኑልኝ» አንድ ገጽ ላይ ሲፈራረቁ አይቻለሁ። «ይወሰንልኝ» ሁሉንም ይገላግላል፤ ማንንም አንተም አንቱም አይልም።

«አጎቴ» የሚለው ቃል አንዴ ይበቃዋል፤ ዝምድናው ለጉዳዩ የሚጠቅም ከሆነ መጀመሪያ ላይ ይገለጻል፣ ከዚያ በኋላ «1ኛ ተከሳሽ» ናቸው። ቀጥታ የተነገረ ቃል ግን አይነካም። አጎትየው «ከቤቴ ውጪልኝ» ብለው ከሆነና ቃሉ ለክሱ ካስፈለገ እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ይገባል። «እንድወጣ ነገሩኝ» ተብሎ ሲታጠብ የተነገረው ነገር ይቀየራል።

ጎንደር ውስጥ ብዙው ማመልከቻ በተናጋሪው ፊት ቶሎ ቶሎ ይተየባል፤ ባለጉዳዩም ሳያነብ ይፈርማል። ከታች ግን «ያቀረብኩት ክስ እውነት መሆኑን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የሚል አለ፤ የሚያረጋግጡትም እርስዎ እንጂ ጸሐፊው አይደለም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት እስክሪብቶ ይዘው እንደ «ተበደሩኝ»፣ «አሉኝ»፣ «ብለዋል»፣ «ሰጠኋቸው» ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ ያስምሩባቸው። ከእያንዳንዱ ፊት «ማን?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሌለ ያስጨምሩ። ማንበብ የማይችል ሰው ጮክ ብሎ ያስነብብ። ክሱ ከገባ በኋላ ማሻሻል ቢያስፈልግ በዚያው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 91 መሠረት ፍርድ ቤቱን አስፈቅዶ ማሻሻል ይቻላል፤ ግን ያ ሌላ ማመልከቻ፣ ምናልባትም ሌላ ቀጠሮ ነው።