የማትችይውን ሳትናገሪ ከስብሰባው አትውጪ

«ሰኞ ሜዲካል ዋርድ ሥራ እጀምራለሁ። የዋርዱ ስብሰባ ላይ ራስሽን አስተዋውቂ መባሌ አይቀርም። ምን ልበል? ብዙ አትናገሪ ብለው የመከሩኝ አሉ።»

እንደዚያ የመከሩሽ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። እኔ ግን አልስማማም። ብዙ አትናገሪ የሚለው ምክር በተግባር ሲታይ ስምሽን፣ የተማርሽበትን ዩኒቨርሲቲና «አብሬያችሁ ለመሥራት በመቻሌ ደስ ብሎኛል» የሚለውን ተናግረሽ ትቀመጫለሽ ማለት ነው። ይጨበጨባል። ሄድ ነርሷ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ትሄዳለች። ከዚያ የዲዩቲ ፕሮግራም ሲወጣ ስምሽ ናይት ላይ ይሰፍራል፣ አብራሽ የምታድረው ነርስ ደግሞ በእጅሽ ምን ሠርተሽ እንደምታውቂ፣ ምን ደግሞ ሲሠራ ብቻ እንዳየሽ አንድም ነገር አታውቅም።

እኔ የምለው ይኸው ነው። የአዲስ ነርስ ትውውቅ ስለ ሥራ መሆን አለበት። ከስምሽ ቀጥሎ ሰው ሊሰማው የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ ብቻዬን የምሠራው፣ ሰው አጠገቤ ቆሞ የምሠራው፣ ጨርሶ ሠርቼው የማላውቀው። ሦስተኛውን ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። በሽተኛን የሚያተርፈው ግን እሱ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ ሥራ ላሳይሽ፣ ደም መስጠት። ሜዲካል ዋርድ ከሆንሽ ብዙ ሳትቆዪ ይገጥምሻል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው እንበል። ሄሞግሎቢኑ 5 የደረሰ በሽተኛ አለ፣ ሐኪሙ ሁለት ከረጢት ደም አዟል። የመጀመሪያው ከረጢት ከላቦራቶሪ መጣ። ሲኒየሯ ሌላ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ያጠረው በሽተኛ ይዛለች። አንቺን «ሲስተር፣ ደሙን ስቀዪው» አለችሽ። መስቀሉ ከባድ አይደለም፣ ሲሰቀል አይተሻል፣ ሴቱን፣ ማለትም ቱቦውን፣ ከከረጢቱ ጋር ማገናኘት ማንም ይችላል። ችግሩ ያለው ከመስቀሉ በፊትና በኋላ ነው፣ እሱን ደግሞ ቆሞ በማየት ብቻ ማንም አይማረውም።

ከመስቀሉ በፊት ያለው ስም ማጣራት ነው። በደም ዓይነት መለያየት ምክንያት ሰው ሲሞት ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከምርመራው አይደለም፣ ትክክለኛው ደም ለተሳሳተ ሰው ስለተሰቀለ ነው። እኛ አገር ደግሞ ይህ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፣ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነው፣ አንድ ዋርድ ውስጥ ሁለት ከበደ ተሰማ ቢተኙ ማንም አይገርመውም። ስለዚህ ስሙ እስከ አያት ይነበባል፣ የካርድ ቁጥሩም ከከረጢቱ፣ ከክሮስማች ወረቀቱና ከቻርቱ ጋር አሃዝ በአሃዝ ይመሳከራል። የደም ዓይነቱና ጊዜው የሚያልፍበት ቀንም እንደዚሁ። ይህን የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ እያየች ታረጋግጣለች። በሽተኛው አልጋ አጠገብ ነው የሚሠራው እንጂ ነርስ ስቴሽን ተቀምጦ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። በሽተኛውን «ከበደ ተሰማ አንተ ነህ?» ብለሽ እንዳትጠይቂው። ትኩሳት ያለበት፣ የደከመው፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሁሉ ዶክተር የሚመስለው አባት ለማንኛውም ጥያቄ «አዎ ልጄ» ነው የሚልሽ። «አባባ፣ ስምዎን እስከ አያትዎ ይንገሩኝ» በይው። እሱ ይናገር፣ አንቺ ከከረጢቱ ላይ እያየሽ ስሚው። መናገር ካልቻለ አስታማሚው ይናገር።

ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች አሉ። ደሙ ከመጀመሩ በፊት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና ትንፋሽ ተለክቶ ይመዘገባል። ከዚያ ደሙ ቀስ ብሎ ይጀመራል፣ አንቺም ከአልጋው አጠገብ አትለዪም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ትለኪያለሽ። ከባዱ አደጋ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በዚህች ሰዓት ነው፣ ጥቂት ሚሊ ሊትር የማይስማማ ደም እንኳ ሰው ሊገድል ይችላል። በሽተኛው ከበረደው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሙቀቱ ከጨመረ፣ ወገቤን ካለ፣ ደረቱ ከጨነቀው ወይም «አንድ ነገር እየሆንኩ ነው» ብሎ ከተቁነጠነጠ ማንንም ሳትጠይቂ ደሙን ትዘጊያለሽ። ሴቱን ከነከረጢቱ ትነቅያለሽ፣ ካኑላውን ግን አታወጪም፣ በአዲስ ሴት ኖርማል ሳላይን ትሰቅያለሽ። ሐኪም ይጠራል። ስምና ካርድ ቁጥሩ እንደገና ይታያል። ከረጢቱ አይጣልም፣ ወደ ላቦራቶሪ ይመለሳል። ሽንቱ ጠቆር ወይም ቀላ ካለም ትናገሪያለሽ።

ሰዓትም አለው። ደም ከፍሪጅ ከወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጀመራል፣ ከተጀመረ በ4 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ስለቀዘቀዘ ሙቅ ውኃ ውስጥ አይነከርም። በዚያው መስመር መድኃኒት አይሰጥም፣ ግሉኮስም አይገባም።

አሁን ወደ ስብሰባው ልመልስሽ። በዚያ ትውውቅ ላይ «ደም ሲሰቀል አይቻለሁ፣ ራሴ ሰቅዬ አላውቅም» ብለሽ ከነበረ ሲኒየሯ ያን ሌሊት ሥራውን ትቀይረዋለች። ትንፋሽ ያጠረውን አንቺ ኦክስጅኑን ይዘሽ ሐኪሙ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ፣ ወይም ደሙ ሳይወጣ ላቦራቶሪ እንዲቆይ ታደርጋለች፣ አለበለዚያ አጠገብሽ መጥታ ስሙን አብራሽ ታነባለች። ካልተናገርሽ ግን የሚመጣው ያ በየዋርዱ የምናውቀው ነገር ነው፦ «ሁለተኛ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፣ ፈርሚልኝ» ትባያለሽ። ያላየሽውን ከረጢት አይቻለሁ ብለሽ ትፈርሚያለሽ። አዲስ ነርስ ገና በሳምንቷ እምቢ ለማለት አቅም የላትም። አስቀድማ በሁሉም ፊት ተናግራ ከሆነ ግን «ስብሰባው ላይ ብዬ ነበር፣ አብረን እንየው» ማለት ይቀላታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ይጠይቃል። ስሙንና ድርሻውን አንዴ የተናገረ ሰው የሚያሳስበውን ነገር ሲያይ ዝም አይልም ተብሎ ነው። የዋርዱ ስብሰባም ለአዲስ ነርስ እንዲህ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ስለዚህ ሰኞ ስትነሺ እንዲህ በይ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እገሊት እባላለሁ። ቢ.ኤስ.ሲ ነርስ ነኝ፣ የተመረቅሁት ዘንድሮ ነው። ለልምምድ ብዙ የቆየሁት ሰርጂካል ዋርድ ነበር። ለአዋቂ ካኑላ አስገባለሁ፣ ካቴተር አስገባለሁ፣ ድሬሲንግ እሠራለሁ። ኤንጂ ቲዩብ ያስገባሁት ሰው እያየኝ ነው። ደም ሰቅዬ አላውቅም፣ ፖታሲየምም በድሪፕ አዘጋጅቼ አላውቅም። ኦሮምኛ እችላለሁ። የመጀመሪያ ዲዩቲዎቼን ከማን ጋር እንደምሠራ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።»

አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የምትችይው ቀድሞ ስለሚመጣ እንደ ሰነፍ የሚያይሽ አይኖርም። ፖታሲየሙን የጨመርኩት ሆን ብዬ ነው፣ አምፑሉ ሳይበጠበጥ በቀጥታ ደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል፣ ከሌላ አምፑል ጋር በመልክ ስለሚመሳሰል ደግሞ የማያውቀው እጅ ባይነካው ይመረጣል። ቋንቋውም ጌጥ አይደለም። ከገጠር የመጣች እናት የት እንደሚያማት በራሷ ቋንቋ የምትነግረው ሰው ዋርዱ ውስጥ መኖሩን ሁሉም ማወቅ አለበት።

በስብሰባ የማይነገርም አለ። እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትሽን ሦስቱንም ካልጨረስሽ፣ ይህ ለሄድ ነርሷ በቢሮዋ የሚነገር ነው። የሠላሳ ሰው ጉዳይ አይደለም። በስብሰባው ላይ ግን ይህን ጠይቂ፦ «ሌሊት መርፌ ቢወጋኝ ለማን ነው የምናገረው? መድኃኒቱስ የት ነው?» የኤች.አይ.ቪ. መከላከያው ከ72 ሰዓት በላይ አይጠብቅም፣ እንዲያውም በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው፣ ስለዚህ እስኪነጋ ልጠብቅ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

የሚያስፈራሽን አውቃለሁ። የሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ፣ «ይቺ ምን ተምራ መጣች» ይሉኛል ትያለሽ። የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አለማወቅሽ ለማንኛውም ይታያል፣ ልዩነቱ በቀን በስብሰባ መታየቱና በሌሊት በሽተኛ አልጋ ላይ መታየቱ ነው። ደግሞም ነገሩ በአንቺ ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። እናንተ ሄድ ነርሶች፣ አዲስ ልጅ ሲነሳ «የት ተማርሽ?» ብላችሁ አትለፉ። «ብቻሽን ያልሠራሽው ምንድን ነው?» በሏት፣ የምትላችሁንም ደብተር ላይ ጻፉት። የዲዩቲ ፕሮግራም ስታወጡ ያን ደብተር ክፈቱ። ሁለት አዲሶች አንድ ናይት ላይ ተገናኝተው ካየሁ፣ ስብሰባው ላይ የተባለውን ማንም እንዳልሰማው በዚያ አውቃለሁ።

ማንም ካልጠየቀሽስ? ስብሰባው እንዳለቀ ሄድ ነርሷ ዘንድ ሂጂ። ያልሠራሻቸውን በወረቀት ጽፈሽ ስጫት፣ አንዱን ቅጂ ለራስሽ ያዢ። ሲኒየር አጠገብሽ ቆማ አንዱን በሠራሽ ቁጥር ቀኑን ጻፊበት፣ እሷም ትፈርምበት።