«ፈጽሞ» የየትኛው ሳጥን ነው?

«እያንዳንዱ ቃል ከአራቱ ሳጥኖች በአንዱ ብቻ ይግባ፤ ሁለት መልስ መቀበል ተማሪን ማደናገር ነው።»

ሰሞኑን በአንድ የመምህራን ስብሰባ የተወሰነው ይህ ነገር ሰዋስውን ከማስተማር ይልቅ ማስረሳት ነው። «ሮጠ»፣ «ክፉኛ»፣ «ብዙ» እና «ፈጽሞ» ያለ ዐረፍተ ነገር ተደርድረው በስም፣ በግሥ፣ በቅጽልና በተውሳከ ግሥ ሥር እንዲመደቡ ይታዘዛል። «ሮጠ» ግሥ፣ «ክፉኛ» ተውሳከ ግሥ መሆናቸውን እቀበላለሁ፤ ከዚያ አልፌ ግን አልሄድም።

ከቀረቡት ምክንያቶች እጅግ ደካማው «መዝገበ ቃላትም ለአንድ ቃል አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚሰጠው» የሚለው ነው። ይህን የተናገረ ሰው መዝገበ ቃላት ገልጦ ያየ አይመስለኝም፤ ፍቺዎች በቁጥር ሲለያዩ የቃሉ ክፍልም አብሮ ሲለያይ ማየት የተለመደ ነውና።

«ፈጽሞ»ን እንመርምር። «ሥራውን ፈጽሞ ሄደ» ስንል ቃሉ «ሥራውን» የሚል ተሳቢ አለው፤ ባለቤቱ ሲለወጥም አብሮ ይለወጣል፦ እሷ ብትሆን «ፈጽማ ሄደች»፣ እኔ ብሆን «ፈጽሜ ሄድኩ»። ስለዚህ ግሥ ነው። «ፈጽሞ አላየሁትም» ስንል ግን ባለቤቱ እኔ ሆኜ ሳለሁ ቃሉ በሦስተኛ መደብ መልኩ ደርቆ ቀርቷል፤ በዚያው ትርጉም «ፈጽሜ አላየሁትም» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። እዚህ ላይ ሥራው አሉታውን ማጠንከር ነው፤ ተውሳከ ግሥ ሆኗል ማለት ነው። መፈተኛው እንግዲህ ባለቤቱን መለወጥ ነው። «ፈጽሞ አልሄደም» የሚለው ብቻውን ሲታይ አሻሚ ነው፤ ባለቤቱን ሴት ስናደርገው ግን ሁለቱ ትርጉሞች ይለያያሉ፦ «ፈጽሞ አልሄደችም» ጭራሽ አለመሄዷን፣ «ፈጽማ አልሄደችም» ደግሞ የጀመረችውን ጨርሳ አለመሄዷን ይነግረናል። «ቀድሞ»ም እንዲሁ ነው፤ «ቀድማ ደረሰች» ይባላል፣ «ቀድሞ እዚህ ዛፎች ነበሩ» ሲባል ግን ማንም «ቀድመው» አይልም።

«ብዙ»ም በአንድ ሳጥን አይታሰርም። «ብዙ ሰው መጣ» ሲባል ስሙን ይገልጻል፣ «ብዙ ተናገረ» ሲባል ግሡን ይገልጻል፣ «ብዙዎች ቀሩ» ሲባል ደግሞ የብዙ ቁጥር ምልክት ይዞ በስም ቦታ ይቆማል። ዐረፍተ ነገሩን ነጥቆ ክፍሉን መጠየቅ፣ ማስረጃውን ደብቆ ፍርድ እንደመጠየቅ ነው።

ተማሪ ይደናገራል የሚሉ ሰዎች የማውቃትን አንዲት ልጅ ወረቀት ቢያዩ እወዳለሁ። «ፈጽሞ»ን በግሥም በተውሳከ ግሥም ሥር ጽፋ፣ ከጎኑ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጣለች። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው፤ በሁለቱም ላይ በቀይ ተሰርዞባታል።