«ተመስገን» ያለው ሰው የት ይቆጠር?

«ክፍት ጥያቄ ምን ያደርግልሃል? መቁጠሩ ያደክማል። ምርጫ ዘርዝረህ ምልክት ያድርጉ በላቸው፣ አለቀ።»

የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ተማሪም ሆነ የደንበኞች እርካታ መጠይቅ የሚያዘጋጅ የቢሮ ሠራተኛ ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። እኔ አልስማማም። ድካሙ እውነት ነው። ግን ምርጫ ዘርዝሮ መስጠት ራሱ ሰውን ወደ አንድ መልስ መግፋት ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ2008 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ማግስት ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል መራጮችን ድምፅ ሲሰጡ ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው ጉዳይ ምን እንደነበር ጠየቀ። ለአንዱ ወገን አምስት ምርጫ ተነበበለት። ሌላው ወገን ምንም ሳይነበብለት በራሱ ቃል እንዲመልስ ተደረገ። ምርጫ ከተነበበላቸው 58 በመቶው «ኢኮኖሚ» አሉ። ካልተነበበላቸው ግን እንዲህ ያሉት 35 በመቶው ብቻ ናቸው። ከነዚህኞቹ 43 በመቶው ከአምስቱ ውጪ የሆነ ነገር ጠቅሰዋል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ሰው አእምሮ ውስጥም የሌለ መስሎ ይቀራል። «ሌላ ካለ ይጥቀሱ» የሚለው መስመር ብዙም አያድንም፤ ሰው የተነበበለትን ይመርጣል።

የጥያቄው ቃል አቀማመጥ ደግሞ ከዚህም የባሰ ጉድ ይሠራል። በ1992 ሮፐር የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ድርጅት ስለ ናዚዎች የአይሁድ ጭፍጨፋ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ወደ አማርኛ ሲመጣ እንዲህ ያለ ነው፦ «ናዚዎች አይሁዶችን መጨፍጨፋቸው ጭራሽ ያልሆነ ነገር ሊሆን ይችላል ይላሉ? ወይስ ሊሆን አይችልም?» እስቲ ደግመው ያንብቡት። ጭፍጨፋው መፈጸሙን አጥብቆ የሚያምን ሰው «አይችልም» ማለት አለበት። ያልሆነ ሊሆን አይችልም፤ አሉታ በአሉታ ላይ። በስልክ ወይም በር ላይ ቆሞ አንዴ የሚሰማ ሰው ይህን ፈትቶ እስኪጨርስ መልስ ይጠበቅበታል። ውጤቱ 22 በመቶው «ሊሆን ይችላል» የሚል ሆነ። በ1993 ይፋ ሲደረግ ብዙዎች ደነገጡ፤ ከአምስት አሜሪካውያን አንዱ እልቂቱን ይጠራጠራል ተብሎ ተዘገበ።

በ1994 ጥያቄው ተስተካክሎ እንደገና ቀረበ፦ ጭፍጨፋው አልተፈጸመም ማለት ይቻላል ብለው ያስባሉ ወይስ መፈጸሙን እርግጠኛ ነዎት? በዚህ ጊዜ አልተፈጸመም ሊባል ይችላል ያሉት 1 በመቶው ብቻ ሆኑ። 91 በመቶው እርግጠኞች ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ሕዝብ አልተለወጠም። የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ይህ ወጥመድ በአማርኛ መጠይቆች ውስጥ በየቀኑ አለ። አንድ መረጃ ሰብሳቢ በጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሞ «መድኃኒት አላጡም?» ብሎ ይጠይቃል እንበል። አንዷ እናት «አዎ» ትላለች፤ አላጣሁም ማለቷ ነው። ቀጥሎ ያለው አባወራም «አዎ» ይላል፤ አጥቻለሁ ማለቱ ነው። ሁለቱም ታብሌቱ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይገባሉ። በኋላ ማንም ሊለያቸው አይችልም። በመረጃው ውስጥ ስህተቱ የሚታይበት ምንም ምልክት የለም፤ ቁጥሩ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለቱንም ጎን እኩል ማቅረብ አለበት፦ «ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መድኃኒት በሙሉ ከዚሁ አገኙ? ወይስ ያላገኙት አለ?» እንዲህ ሲሆን መላሹ «አዎ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይችልም፤ «ሁሉንም አገኘሁ» ወይም «ያላገኘሁት አለ» ማለት አለበት።

«ጤና ጣቢያችን ባደረገው ማሻሻያ ምን ያህል ረክተዋል?» የሚለው ደግሞ ሌላው የተለመደ ጥያቄ ነው። ማሻሻያ መደረጉን አስቀድሞ ወስኗል። መላሹ ረክቷል ብሎም ጥያቄው ራሱ ወስኗል፤ የቀረው መጠኑ ብቻ ነው። «ጤና ጣቢያችን» የሚለው ቃል ደግሞ ጠያቂው የማን ወገን እንደሆነ ይነግራል። ጋዋን ለብሶ የቆመ ሰው እንዲህ ሲጠይቅ፣ ነገ ልጇን ይዛ እዚያው የምትመለስ እናት ምን ትላለች? እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። መጀመሪያ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ወደዚህ የመጡት መቼ ነው?» ከዚያ፦ «ያን ቀን ከገቡ ጀምሮ እስኪወጡ የሆነውን ይንገሩኝ።» ቀጥሎ፦ «ያስቸገረዎት ነገር ነበር? ወይስ አልነበረም?» የምርጫ ጥያቄዎቹ ከዚህ በኋላ ይምጡ። አስቀድመው ከመጡ ቃሉን ለመላሹ ያስተምሩታል፤ ክፍት ጥያቄው ላይ የምንሰማው የራሳችንን ዝርዝር ይሆናል።

እሺ፣ መልሱ መጣ። አሁን ይቆጠር።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያስተውለው። ጥያቄው ሳይገፋ የመጣ መልስ፣ ወደ ምድብ ሲገባ ሊገፋ ይችላል። እነዚህን ሦስት መልሶች እንይ። እኔ ለማሳያ የጻፍኳቸው ናቸው፤ ግን መጠይቅ ይዞ የዞረ ሁሉ ያውቃቸዋል።

«ጠዋት 2 ሰዓት ደርሼ ካርድ ያወጣሁት 4 ሰዓት ላይ ነው።»

«ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ግን መድኃኒቱ የለም ብሎ ጻፈልኝ፤ ከውጭ 400 ብር ገዛሁ።»

«ተመስገን ነው። ምን ይደረጋል።»

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ «ረጅም ጥበቃ»። ሁለተኛው ግን ሦስት ነገር ይዟል፦ የሐኪም ምስጋና፣ የመድኃኒት እጥረት፣ የገንዘብ ወጪ። አንድ መልስ አንድ ኮድ፣ ማለትም አንድ የምድብ መለያ፣ ብቻ ይሰጠው ከተባለ ሁለቱ ይጠፋሉ፤ የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነው ደግሞ የኮድ ሰጪው ስሜት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ ዓምድ ይከፈት፤ ከተጠቀሰ 1፣ ካልተጠቀሰ 0። የሰውየው ቃል በሙሉ ግን በመጀመሪያው ዓምድ ሳይነካ ይቀመጥ። ኢትዮጵያንም የሚያካትተው የአፍሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት አፍሮባሮሜትር መንግሥት ሊፈታቸው የሚገቡ ዋና ዋና ችግሮችን ሲጠይቅ፣ ምርጫ ሳያነብ እስከ ሦስት መልስ ይቀበላል።

ምድቦቹ ከየት ይምጡ? ከቢሮ አይምጡ። በመጀመሪያ 40 ወይም 50 መልስ እንዲሁ ይነበብ፤ ምድቡ ከሰዎቹ ቃል ይወለድ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ምድብ የኮድ ሰጪዎች መመሪያ በሆነው ኮድ ቡክ ላይ ምን እንደሚገባበት፣ ምን እንደማይገባበት፣ ከነምሳሌው ይጻፍ። «ሌላ» የሚለው ምድብ እያበጠ ከሄደ ያልተገነዘብነው ነገር አለ ማለት ነውና ተመልሶ ይከፈት።

ከዚያ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ተመሳሳዮቹን 100 መልሶች ኮድ ይስጧቸው። «የመድኃኒት እጥረት» የሚለውን ምድብ ብቻ እንውሰድ። ሁለቱም «አለ» ያሉት 20፣ ሁለቱም «የለም» ያሉት 64፣ አንደኛው ብቻ «አለ» ያለው 10፣ ሁለተኛው ብቻ «አለ» ያለው 6 ነው እንበል። በ84 መልስ ተስማሙ። ጥሩ ይመስላል። ግን አንደኛው 30 ጊዜ፣ ሁለተኛው 26 ጊዜ «አለ» ብለዋል። በዚሁ ልክ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢሰጡ እንኳ በአጋጣሚ ብቻ 60 በሚጠጋው ይስማሙ ነበር። ከአጋጣሚ በላይ ሊያገኙት ይችሉ ከነበረው 40 ያህል ያገኙት 24 ነው። 24 ለ40 ሲካፈል 0.6። ይህ ስሌት የኮኸን ካፓ ይባላል፤ በ1960 የቀረበ ነው። 0.6 መካከለኛ ነው፤ ለዘገባ አልመካበትም ነበር።

ዋናው ሥራ ግን ቁጥሩን ማውጣት አይደለም። ያልተስማሙባቸውን 16 መልሶች አውጥቶ ማንበብ ነው። አብዛኞቹ እንደ ሁለተኛው ምሳሌያችን «ከውጭ ገዛሁ» የሚሉ ሆነው ይገኛሉ። አንዱ ኮድ ሰጪ ምክንያቱን ያያል፤ መድኃኒት ጠፋ። ሌላው ውጤቱን ያያል፤ ገንዘብ ወጣ። ስለዚህ ኮድ ቡኩ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፦ «ከውጭ ግዙ ተባልኩ» ያለ ሁሉ በመድኃኒት እጥረት ይቆጠር፤ ገንዘቡን ከጠቀሰ በወጪም ይቆጠር። ከዚያ ሁለቱም በአዲስ 100 መልስ ላይ እንደገና ይሞክሩ። በድሮዎቹ ላይ ከሞከሩ የሚያስታውሱትን ነው የሚደግሙት።

ሦስተኛው መልስ፣ «ተመስገን»፣ ከሁሉም ያስጨንቀኛል። ብዙ ጊዜ «ረክቷል» ውስጥ ሲገባ አያለሁ። ይህ ትልቅ በደል ነው። ሰውየው ፈጣሪን አመሰገነ እንጂ ጤና ጣቢያውን አላመሰገነም። «ምን ይደረጋል» ማለቱ እንዲያውም ወደ ሌላ ያዘነብላል። ያም ቢሆን ቅሬታ ነው ብሎ መመዝገብም ግምት ነው። ትክክለኛ ቦታው «ግልጽ ችግር አልጠቀሰም» የሚል የራሱ ምድብ ነው። ከዚያ በፊት ግን መረጃ ሰብሳቢው አንዴ ይጠይቅ፦ «እንዴት ማለት ነው?» ወይም «ሌላስ?»። «መድኃኒትስ አልነበረም አይደል?» ካለ ግን መልሱ የእሱ ሆነ።

የመጨረሻው መሰናክል መቶኛው ላይ ነው። 120 ሰዎች ተጠይቀው በአጠቃላይ 150 ችግር ጠቀሱ፤ ከነዚህ 48ቱ የመድኃኒት እጥረት ነው እንበል። ከሰዎቹ 40 በመቶ ነው፤ ከተጠቀሱት ችግሮች ደግሞ 32 በመቶ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዜናው «32 በመቶ ተገልጋዮች መድኃኒት አጡ» ካለ ግን ተሳስቷል። በሰው ሲቆጠር ድምሩ ከመቶ ሊበልጥ እንደሚችልም ይነገር፤ አለዚያ አንባቢ ስህተት ይመስለዋል።

ለዚህ ነው የዳሰሳ ውጤት የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሁሉ ከመቶኛው ጎን የተነበበውን ጥያቄ ቃል በቃልና ኮድ ቡኩን እንዲያወጣ የምለው። ሁለት ገጽ አይሞላም። ጋዜጠኞችም ይጠይቁ። «85 በመቶ ተገልጋዮች ረክተዋል» የሚል መግለጫ ሲደርሳችሁ፣ «ተመስገን» ያሉት ሰዎች የት እንደተመደቡ ጠይቁ።