ለወላጅ የሚወጣ ስም

የሰው ስም ለባለቤቱ ይወጣል። የግል ትምህርት ቤት ስም ግን የሚወጣው ለተማሪውም ለመምህሩም ሳይሆን መንገድ ላይ ቆሞ ታፔላውን ለሚያነበው ወላጅ ነው። ተማሪው ከደብተሩ ሽፋን ውጭ ስሙን ብዙም አይጠቀምበትም፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ «እኛ ጋ» ይላል፣ አለዚያም ትምህርት ቤቱን በአጥሩ ቀለም ይጠራዋል። ወላጁ በበኩሉ እያንዳንዱን ቃል እንደ መድኃኒት ማዘዣ ይመረምራል፤ የትኛው ቃል የትኛውን ጭንቀቱን እንደሚያስታግስለት ይፈልጋልና።

ይህን የተረዳሁት ሦስት ሸሪኮች ለሚከፍቱት ትምህርት ቤት ስም ሲመርጡ «ጽሑፍ ይሞክራል» ተብዬ በጠራሁት ሳይሆን በተጠራሁበት ስብሰባ ላይ ነው። አንደኛው ሸሪክ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ነበር፤ ሁለተኛው የማስታወቂያ ሥራ አዋቂ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለረጅም ዘመን ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። መምህሩ ገና ከመቀመጣችን «ንጋት ትምህርት ቤት» የሚል ስም አቀረቡ። ስሙ አጭር፣ ለአፍ የሚመች፣ የሚዋሽበትም ነገር የሌለው ነበር። ጉዳዩ እዚያው ባለቀ ጥሩ ነበር።

ባለገንዘቡ ግን አልረካም። «ወላጅ ይህን ስም ሲያነብ ልጄ እንግሊዝኛ ይናገር ይሆን ብሎ ይጨነቃል» አለና «ኢንተርናሽናል» እንዲጨመር ጠየቀ። መምህሩም የሚሰጠው ሥርዓተ ትምህርት የየትኛው አገር እንደሚሆን፣ ተማሪው በመጨረሻ የሚቀመጥበትን ፈተና የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነ፣ ከሌላ አገር የሚመጣ መምህር ወይም ተማሪ ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። ለሦስቱም ጥያቄዎች የተሰጠው መልስ «ወደፊት ይታያል» የሚል ነበር። ቃሉን ለማስገባት የሚከለክል ነገር አልተገኘም፤ «ኢንተርናሽናል» በብዙ ቦታ ጠባቂ የሌለው ቃል ነውና።

ጠባቂ ያለው ስም የቱ እንደሆነ ያወቅነው የማስታወቂያው ሰው ከፍ ያለ ነገር ሲመኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በጄኔቫ የተመሠረተው፣ በብዙ አገሮች የሚሰጥ የትምህርት ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ድርጅት ሙሉ ፈቃድ ያላገኘን ትምህርት ቤት በስሙ እንዲጠራ አይፈቅድም። አመልካቹ መምህራኑን ያሠለጥናል፣ ክፍያ ይከፍላል፣ ይጎበኛል፣ ይመረመራል፤ በዕጩነት ላይ ሳለም ዕጩ መሆኑን ብቻ ነው መናገር የሚችለው። ፈቃድ ያገኙት ትምህርት ቤቶች ዝርዝርም በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ስላለ ማንም ወላጅ በስልኩ ሊያረጋግጥ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሲነበብ ሸሪኮቹ ተያዩ። «ይቅርብን፣ ብዙ ጣጣ አለው» ተባለና በነጻ ወደሚገኙት ቃላት ተመለስን።

ከነጻዎቹ ሁሉ የሚበልጠው «ሞንቴሶሪ» ሆኖ ተገኘ። ጣሊያናዊቷ አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ከተማ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሠፈር ነበር፤ ዛሬ ግን ስሟ ታፔላ ላይ ሲወጣ የወርሃዊ ክፍያው ደረጃ አብሮ ይወጣል። ስሙን የግል ለማድረግ የተሞከረውም አልያዘም፤ በአሜሪካ የንግድ ምልክት ክርክር የሚሰማው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1967 ቃሉ አንድን የማስተማሪያ ዘዴ የሚገልጽ የወል ቃል ነው ብሎ በይኗል። መምህሩ ግን ስሙን ከመውሰዳችን በፊት ሥራውን እንይ አሉ። በእውነተኛው ዘዴ የሦስት፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ወደ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ደወል ሳያቋርጣቸው እያንዳንዱ የመረጠውን ሥራ ይሠራል፤ መምህርቷ ከሰሌዳ ፊት ቆማ ሁሉንም በአንድ ድምፅ አታስደግምም። ወላጅ ለጉብኝት መጥቶ ሃያ ልጅ በአንድ ዓይነት ዕድሜ፣ በተደረደረ ወንበር፣ «ኤ ፎር አፕል» ሲል ከሰማ ስሙ ታፔላው ላይ እንጂ ክፍሉ ውስጥ እንደሌለ ያውቃል። ባለገንዘቡ በጥሞና አዳመጠና «እኛ የእንጨቱን መጫወቻ እንገዛለን፤ የቀረውን ወላጅ አይጠይቅም» አለ። በበኩሌ ይህ የስብሰባው ብቸኛ ሐቀኛ ንግግር ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ቀጥሎ የመጣው እንቅፋት አዲሶቹ ቃላት ራሳቸው የፈጠሩት ነበር። «ኢንተርናሽናል» የእንግሊዝኛውን ጭንቀት ሲያስታግስ ልጄ ባህሉን ረስቶ ታላቁን «አንተ» ማለት ይጀምራል የሚል ሌላ ጭንቀት ይቀሰቅሳል፤ «ሞንቴሶሪ» ደግሞ ልጁ የፈለገውን እንዲያደርግ የሚለቀቅበት ቦታ ያስመስላል። ማርከሻው የሥነ ምግባር ቃል ነው። «ጽኑ መሠረት»፣ «ጨዋነት»፣ «አርአያ» እየተባለ ቃላት ተደረደሩ። የእነዚህ ቃላት ትልቁ ጥቅም በፈተና የማይለኩ መሆናቸው ነው፤ ልጁ በሒሳብ ቢወድቅ ወላጅ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ ጨዋነቱ ቢጎድል ግን ጥፋቱ የቤት አስተዳደግ እንደሆነ ይነገረዋል። በመጨረሻ እሴቱ ከስሙ ሥር በመሪ ቃልነት እንዲገባ ተስማማን።

መምህሩ በዚህ መካከል የእንግሊዙን ትምህርት ቤት የኢተንን ነገር አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1440 ንጉሥ ሄንሪ ስድስተኛ ለሰባ ድኻ ልጆች ነጻ ትምህርት እንዲሰጥ ሲያቋቁመው ስሙ «በዊንዘር አጠገብ ያለው የኢተን የእመቤታችን የንጉሥ ኮሌጅ» የሚል እንደነበረ፣ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ውድ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሲሆን ግን ሰው ሁሉ በከተማው ስም ብቻ እንደሚጠራው አስረዱ። «የሚተማመን ስሙን ያሳጥራል» ለማለት ነበር። ባለገንዘቡ ግን የሰማው ሌላ ነገር ነው፦ «አያችሁ፣ እነሱም ሲጀምሩ በረጅሙ ነው!»

በመጨረሻ «ኢንተርናሽናል» ለጊዜው ይቆይ፣ ስሙም «ንጋት ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት» ይሁን ተባለና ናሙናው ለሸሚዝ ኪስ ጥልፍ ተላከ። ኪሱ ሙሉ ስሙን ስለማይዝ ጠላፊው በመጀመሪያ ፊደሎቹ አሳጥሮ አመጣው። ከላይ በጉልህ «ን»፣ ከሥሯ ደግሞ ጎን ለጎን «ሞት» ይነበባል። ይህ ምህጻር በተማሪ ማመላለሻው መኪና በር ላይም ሊጻፍ ታስቦ እንደነበር ስናስታውስ ሁላችንም ዝም አልን። ለአዲስ ስም ምህጻሩን አስቀድሞ መሞከር ሀ ሁ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያሰበ አልነበረም።

የማስታወቂያው ሰው ወዲያው «ትምህርት ቤት» በ«አካዳሚ» ይተካ አለ። ምህጻሩም «ሞአ» ሆነ፤ ግእዝ ያውቁ የነበሩት መምህር ትርጉሙ «አሸነፈ» እንደሆነ ሲነግሩን ባለገንዘቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ደስታው ግን «ኢንተርናሽናል» ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ብቻ ቆየ። «ኢ» ከፊት ስትገባ «ኢሞአ» ሆነ፤ ይህም በግእዝ «አላሸነፈም» ማለት መሆኑን መምህሩ ፊታቸውን ሳይለውጡ ገለጹ። ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ የትኛውም ቃል እንዳይወጣ፣ ምህጻርም ፈጽሞ እንዳይጻፍ ተወሰነና ልብስ ሰፊው የሸሚዙን ኪስ ከወገብ እስከ ብብት እንዲያሰፋው ታዘዘ።