የሰኞው ተቅማጥ ከእሁዱ ሠርግ የመጣ ታይፎይድ አይደለም

«የሠርጉ ወጥ ታይፎይድ አስያዘን። እሁድ በላን፣ ሰኞ ተመርምረን ፖዘቲቭ ተባልን። ታዲያ እንዴት አይደለም ትላለህ?»

ጊዜው አይገጥምማ። የታይፎይድ ጀርም በምግብ ወይም በውሃ ከገባ በኋላ ሰውን እስኪያሳምም ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። አንዳንዴ ቀናት ያጥራል፣ አንዳንዴ እስከ ወር ይዘገያል። በማግስቱ ግን አያሳምምም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ጥር በመጣ ቁጥር ይሄን ነገር ስለማየው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከደንበጫ ወጣ ብሎ የተደገሰ አንድ ሠርግ ልንገራችሁ። ቀይ ወጡ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከእሳት ወረደ። ጎላው ትልቅ ነው፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው። ከደኑት፣ እንዳይቀዘቅዝ ብለው ኬሻ ደረቡበት፣ እዚያው ጥግ ላይ አደረ። እሁድ ረፋድ ላይ ትንሽ እሳት ነካ አድርገውት ለብ ሲል አነሱትና 7 ሰዓት ላይ ዳሱ ውስጥ ላለው እድምተኛ ቀረበ። ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሰው ተራ በተራ ሆዱን ይዞ ይወጣ ጀመር። ከባድ ቁርጠት፣ ውሃ የሆነ ተቅማጥ። ማስመለስ የነበረባቸው ጥቂቶች ናቸው፣ ትኩሳት የያዘው ሰው አልነበረም። እሁድ ጠዋት የተሠራውን አልጫ ብቻ የበሉት ደግሞ ምንም አልሆኑም።

ሰኞ ጠዋት ብዙዎቹ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። ደም ተወሰደ፣ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ተሠራ፣ «ታይፎይድ አለብህ» ተባሉ፣ መርፌና ሲፕሮፍሎክሳሲን ይዘው ተመለሱ። ማክሰኞ ሁሉም ደህና ሆኑ። «መርፌዋ አዳነችን» አሉ።

ያልታከሙትም ማክሰኞ ድነዋል እኮ! ቤታቸው ተኝተው፣ ውሃ እየጠጡ። ይሄን ማንም ልብ አላለውም።

እነዚህን ሰዎች ምን እንዳመማቸው ሰዓቱና ምልክቱ ይናገራል። ከበሉ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀመራቸው፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ነው፣ ትኩሳት የለም፣ በአንድ ቀን አለፈ፣ ምግቡም በትልቅ ድስት ያደረ የሥጋ ወጥ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ወደሚባል ባክቴሪያ ያመለክታል። ይህ ባክቴሪያ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር ስለሚቀመጥ ወጡ ሲንተከተክ እንኳ አይሞትም። ወጡ ከእሳት ወርዶ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃል፣ ሙቀቱ ከተስማማው በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ትንሽ ድስት ቶሎ ይበርዳል። ኬሻ የተደረበበት ጎላ ግን መሀሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ያድራል፣ ባክቴሪያው የሚፈልገውም እሱኑ ነው። ጠዋት ላይ እስኪንተከተክ በደንብ ቢሞቅ የተራባው ይሞት ነበር። ለብ ብሎ ቀረበ፣ በሕይወት ተበላ።

ሌላው የተለመደ የምግብ መመረዝ ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ከሚያመነጨው መርዝ ይመጣል። ይህ ፈጣን ነው። ከተበላ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውን በኃይል ያስመልሰዋል፣ ዳስ ውስጥ እንደተቀመጠም ሊጀምረው ይችላል። ብዙ ጊዜ መነሻው እጁ ላይ መግል የቋጠረ ቁስል ያለበት ሰው የነካው ምግብ ነው። የሚከፋው ነገር መርዙ ወጡ ቢሞቅም አይጠፋም። ትኩሳትና ተቅማጥ ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አብረው ከመጡ ደግሞ፣ በተለይ ጥሬ ሥጋ ተበልቶ ከሆነ፣ ታይፎይድ ያልሆነው ሳልሞኔላ ይጠረጠራል። ስሙ ቢቀራረብም በሽታው ሌላ ነው።

እንግዲህ ዊዳሉ ለምን ፖዘቲቭ ሆነ? ዊዳል ጀርሙን አይፈልግም። የሚያየው ሰውነታችን ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን ነገር፣ አንቲቦዲ የሚባለውን ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ሕመሙ ከጀመረ ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው በደንብ የሚታየው። ስለዚህ ሰኞ የታየው ፖዘቲቭ ስለ እሁዱ ወጥ ምንም ሊናገር አይችልም። የድሮ ታይፎይድ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ ሊሆን ይችላል፣ ወባም እንዲህ ያሳስታል። ታይፎይድ በሚዘዋወርበት አገር ጤነኛ ሰው ከገበያ ጠርታችሁ ብትመረምሩ እንኳ ፖዘቲቭ የሚሆን አይጠፋም። ከደም የተለየ አንድ ጠብታ ፈሳሽ መስታወት ላይ ከኬሚካሉ ጋር ቀላቅሎ ረጋ አልረጋ ብሎ ማየት ብቻውን ሰውን የታይፎይድ በሽተኛ አያደርገውም። ይሄን የምለው የሙያ ጓደኞቼን ለመውቀስ አይደለም። ምርመራው ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ በሽተኛውም «ደም ካልወሰዱልኝ አላዩኝም» ይላል። ግን እየጎዳን ነው።

ጉዳቱ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ለወጥ መርዝ አንቲባዮቲክ አይሠራም። በየሠርጉ ማግስት ሲፕሮ በተዋጠ ቁጥር መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፣ እውነተኛው ታይፎይድ ሲመጣ መድኃኒቱ እምቢ ይላል። በዚያ ላይ ጀርሙ ከደም ውስጥ የሚያድግበት ምርመራ፣ የደም ካልቸር፣ አንቲባዮቲክ አስቀድሞ ከተወሰደ ጀርሙን ላያገኘው ይችላል።

ታዲያ መቼ ነው ምርመራ የሚያስፈልገው? ጤነኛ የነበረ አዋቂ ሰው ተቅማጥና ትውከት ይዞት፣ ትኩሳት ከሌለው፣ ሰገራው ደም ከሌለው፣ የጠጣው ከረጋለትና ሽንቱን ከሸና 1 ወይም 2 ቀን ቤቱ ቢቆይ ችግር የለውም። ኦአርኤስ ይግዛ፣ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጥብጥ፣ በደንብ ይጠጣ፣ ያደረውን ይድፋ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ቀስ ብሎ በትንሽ በትንሹ ይቀጥል። አረቄ ሆድ ያጸዳል የሚባለው ነገር ይቅር፣ ፈሳሽ ያጣን ሰው የባሰ ነው የሚያደርቀው።

ሰገራ ላይ ደም ወይም ንፍጥ ከታየ፣ ትኩሳቱ ከፍ ካለ፣ ወይም ተቅማጡ 3 ቀን ካለፈው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ የሰገራ ምርመራ ጥቅም አለው፣ ግን ወሰኑን እወቁት። በማይክሮስኮፕ አሜባና ጃርዲያ ይታያል፣ ነጭና ቀይ የደም ሕዋስ ይታያል። ሳልሞኔላና ሽጌላን ለይቶ ለማወቅ የሰገራ ካልቸር ያስፈልጋል። «ሰገራህ ነጻ ነው» ማለት «አልታመምክም» ማለት አይደለም።

ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አዛውንት ላይ ቀን አትቁጠሩ። ሕፃኑ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ሆዱ ላይ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቆዳው ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ለመጠጣት አቅም ካጣ በዚያው ሰዓት ውሰዱት፣ ጡቱን ሳታቋርጡ። እሱን መጀመሪያ የሚያድነው ፈሳሽ ነው፣ ምርመራው ይከተላል። ሩዝ የታጠበበት ውሃ የሚመስል ተቅማጥ በብዛት ከወረደ ደግሞ አተት ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት እንኳ አይሰጥም።

ከአንድ ድግስ የበሉ ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ከታመሙ፣ ቀላል ቢመስልም ለጤና ኬላዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ። ባለ ሠርጉን ማሳፈር እየመሰለን ነው የምንደብቀው። የተረፈውን ወጥም ቶሎ አትድፉት፣ ማንም እንዳይበላው አርቃችሁ ከድናችሁ አቆዩት። ምን በላችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ በላችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ ጀመራችሁ የሚለው መልስ ከሰኞው ዊዳል የበለጠ ይናገራል።

አሁን ዋናው ጭንቀቴ ጋ ደረስኩ። ታይፎይድ ከሠርግ አይመጣም አላልኩም፣ ይመጣል። ታይፎይድ ታመው ከዳኑ ሰዎች ከመቶ ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ጀርሙን ሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ይዘው ይቀራሉ፣ ራሳቸው ጤነኛ ሆነው በሰገራቸው ያስወጡታል። እንዲህ ያለ ሰው ከመጸዳጃ መጥቶ እጁን ሳይታጠብ ሰላጣ ቢከትፍ፣ ወይም ጠላው የተጠመቀበት ውሃ ቢበከል፣ እድምተኛው ጀርሙን ይዞ ወደየአገሩ ይበተናል። አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ቡሬ፣ አንዱ አዲስ አበባ። በ10ኛው ወይም በ15ኛው ቀን ትኩሳት ይጀምረዋል፣ ሠርጉን ግን ረስቶታል። በማግስቱ ላመመን ሁሉ ሠርጉን እንከሳለን፣ ሠርጉ እውነትም ሲያሳምመን ግን ትዝ አይለንም።

ይህ ታይፎይድ አመጣጡም ሌላ ነው። ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ ይሄዳል፣ ራስ ምታት አለ፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሆድ ይከብዳል። አዋቂ ላይ ከተቅማጥ ይልቅ ሆድ ድርቀት ሊታይ ይችላል፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ሆዴ አልሄደም፣ ታይፎይድ አይደለም» እያለ የሚዘናጋው። ስለዚህ ትኩሳት 3 ቀን ካለፋችሁ ተመርመሩ፣ ባለፉት 3 ሳምንታት የት እንደበላችሁና ምን ውሃ እንደጠጣችሁም ተናገሩ። ቆላ ከሆናችሁ ወይም ቆላ ደርሳችሁ ከመጣችሁ የወባ ምርመራ ቀን ሳትቆጥሩ መጀመሪያ ይሠራ። የደም ካልቸር የሚሠራበት ሆስፒታል መድረስ ከቻላችሁ አንቲባዮቲክ ሳትጀምሩ ደም ይወሰድ። ካልቸር ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፣ ከ10 የታይፎይድ በሽተኛም አራቱን ያህል ሊስተው ይችላል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ መድኃኒት ቢጀምርላችሁ ትክክል ነው። ያኔ የታዘዘውን እስከ መጨረሻው ውሰዱ።

ሳይታከም 2 እና 3 ሳምንት የቆየ ታይፎይድ አንጀትን ሊያደማና ሊበሳ ይችላል። ትኩሳት ላይ የሰነበተ ሰው ድንገት ሆዱን በኃይል ካመመው፣ ሆዱ ሲነካ እንደ ሰሌዳ ከደረቀ፣ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ጉዳዩ የኦፕራሲዮን ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ካለው ክሊኒክ ጎራ ብሎ ዊዳል ማሠራት የለም፣ ቀጥታ ኦፕራሲዮን ወደሚሠራበት ሆስፒታል ነው።