ትምህርት ቤቱ «አደራ» ተብሎ ቢሰየም

ሦስት ባልንጀሮቼ ቀበና አካባቢ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ተከራይተው አፀደ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመክፈት ሲነሱ፣ ከወንበሩም ከሰሌዳውም በፊት ያከራከራቸው ስሙ ነበር። ሁለቱ ዕድሜያቸውን በመምህርነት ያሳለፉ ሲሆኑ ሦስተኛው ነጋዴ ነው። ነጋዴው በ«ብራይት» ጀምሮ በ«ኢንተርናሽናል አካዳሚ» የሚያልቅ ባለ አራት ቃል ስም ይዞ መጣ። መምህራኑ አልወደዱትም፤ ለምን እንዳልወደዱት ግን በቅጡ ማስረዳት አልቻሉም። እኔ በእነሱ ቦታ ሆኜ ላስረዳ።

«አካዳሚ» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ስለ ትምህርቱ ደረጃ የሚናገረው ነገር የለውም። የግል ትምህርት ቤቶች በደርግ ዘመን ከተወረሱና ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና ከተስፋፉ በኋላ፣ ቃሉ «የመንግሥት ያልሆነ» ማለት ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ አንዲት እናት «ልጄን አካዳሚ ነው የማስተምረው» ስትል የነገረችን ክፍያ እንዳለባት ነው። «ኢንተርናሽናል» ደግሞ ትርጉም አለው፤ የሚያሰጋኝም ይኸው ነው። የሰማው ወላጅ የካምብሪጅን ወይም የሌላ የውጭ ሥርዓተ ትምህርትን ፈቃድ ይጠብቃል፤ የአገሪቱን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ይህን ቃል ታፔላው ላይ ሲሰቅል፣ ገና በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ማብራሪያ ይጠየቅበታል። «ኤክሰለንስ»ም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከዝቅተኛው ደረጃ 1 እስከ ከፍተኛው ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ ስሙ ልህቀትን የሚያውጅ ተቋም ደረጃ 2 ላይ ከተገኘ ታፔላው ራሱ ይመሰክርበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሰማ ወላጅ፣ ጥራትን በቅጽል የሚነግረውን ሁሉ በጥርጣሬ ቢያይ አልፈርድበትም።

ታዲያ በዚህ ከተማ እምነት ያገኙት ስሞች ምን ዓይነት ናቸው? «ሊሴ»ን እንውሰድ። በፈረንሳዮች የሚመራው ይህ ትምህርት ቤት በ1947 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የተሰየመው ጣልያንን ሲዋጉ በወደቁት በደጃዝማች ገብረ ማርያም ነበር፤ ሕዝቡ ግን በፈረንሳይኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማለት ብቻ የሆነውን ቃል ይዞ የጀግናውን ስም ተወው። «ሴንት ጆሴፍ»ም እንዲሁ ነው፤ የቅዱሱ ስም ለወላጅ የሚነግረው ከጀርባ ያሉትን የዴላሳል ወንድሞች የተባሉትን የካቶሊክ መምህራን ማኅበርና ሥርዓታቸውን ነው። በሁለቱም ቦታ መጀመሪያ ኃላፊነቱን የሚወስደው አካል ታወቀ፣ ስሙ ከዚያ በኋላ ከበረ። ከቤተ ክርስቲያን ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ባለሀብት የቅዱስ ስም ለጥፎ ይህን ክብር ልዋስ ቢል፣ ወላጁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይደርስበታል፤ እንዲያውም የመጀመሪያ ጥያቄው «የየትኛው ደብር ነው?» የሚል ይሆናል።

የሰፈር ስም ሐቀኛ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ያቀረብኩት «ቀበና»ን ነበር። ነገር ግን ቤቱ የኪራይ ነው። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ያየ ሰው፣ በመሀል ከተማ የሰፈርን ስም በተማሪ ሹራብ ላይ ማስጠለፍ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይገባዋል። ትምህርት ቤቱ ወደ ሰሚት ቢዛወር «ቀበና» የሚለው ስም ለአዲሱ ወላጅ እንቆቅልሽ ይሆንበታል።

«አደራ»ን ያነሣችው ከመምህራኑ አንዷ ናት። ወላጅ ልጁን በር ላይ ትቶ ሲሄድ አዘውትሮ የሚናገረው ቃል እንደሆነ አስታወሰች፤ «አደራ፣ ምሳውን ይብላ»፣ «አደራ፣ ብቻዋን እንዳትወጣ»። ቃሉን የመረጥኩላቸው ግን ለውበቱ ብዬ አይደለም። ሌሎቹ ስሞች ትምህርት ቤቱን ያወድሳሉ፤ ይህ ግን ባለዕዳ ያደርገዋል። አንድ ልጅ ለማይታወቅ ሰው ቢሰጥ ወይም አንዱ መምህር እጁን ቢያነሣ፣ ወላጆች ስድብ ለመፈለግ አይቸገሩም፤ አማርኛው «አደራ በላ» የሚለውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የትምህርት ቤት ስም እሴትን ያስተላልፋል የሚባለው፣ በእኔ አስተያየት፣ ባለቤቱን መልሶ ሊከስስ ሲችል ነው። «ብራይት» የተባለው ትምህርት ቤት ቢያጠፋ ማንም ሰው በስሙ ሊወቅሰው አይችልም፤ ወላጁም ይህን ሳያስበው ይረዳዋል።

ስሙን እንዲሁ ከመቀበል ብለን ግን ሞከርነው። ከሌላ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቻቸውን ለሚጠብቁ ጥቂት ወላጆች ሁለቱን ስሞች ብቻ ነግረን፣ ክፍያው ስንት ይመስላችኋል፣ በምን ቋንቋ ያስተምራል፣ የማን ነው ብለን ጠየቅናቸው። ባለ አራት ቃሉን ስም የሰሙት ባልንጀሮቼ ካሰቡት ክፍያ በጣም የበዛ ገመቱ፤ ትንሽ ቆይተን ስሙን ድገሙልን ስንል ደግሞ «ብራይት ምን ነበር?» ነው ያሉን። «አደራ»ን ማንም አልረሳውም። ሆኖም አንድ አዛውንት «የዕድር ስም ይመስላል» አሉ፤ አንዲት እናት ደግሞ የሕፃናት ማሳደጊያ መስሏት ነበር። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ ክፍያ የሚጠይቅ ተቋም በጎ አድራጎት መስሎ ከተሰማ ወላጁ ወይ ይሸሻል ወይ በክፍያው ይቀየማል። መፍትሔው ከስሙ ቀጥሎ ግልጹን ነገር ሳያሳጥሩ መጻፍ ሆነ፤ «አደራ አፀደ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት»።

ታፔላ ሠሪው ዘንድ ከመሄድ በፊት የሚሠራ ሥራም አለ። የንግድ ስሙ ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር እንዳይመሳሰል በንግድ ቢሮ መጣራት አለበት፤ ይህ ምዝገባ ግን የንግድ ምልክትን አይተካም። ምልክቱ የሚመዘገበው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን ጥበቃው በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የአገልግሎቱን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚገልጽ ቃል በምልክትነት አይመዘገብም፤ ስለዚህ «ጥራት ትምህርት ቤት» የሚል ሰው ጎረቤቱ ያንኑ ቃል ቢጠቀም ለመከላከል ይቸገራል። የስሙ የላቲን ፊደል አጻጻፍም ከመጀመሪያው ቀን አንድ መሆን ይገባዋል፤ ፈቃዱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ የተማሪው ትራንስክሪፕት ላይ በሌላ ዓይነት ከተጻፈ፣ ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ለማረጋገጥ የሚንከራተተው ተማሪው ነው።

ነጋዴው በመጨረሻ ተስማማ፤ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ግን ከሁላችንም የተሻለ ነበር። ስሙ ይህ ከሆነ በሩ ላይ መዝገብ ይኑር፣ ልጁን የሚወስደው ሰው ስም በወላጁ ፊርማ ይያዝ፣ ያልተመዘገበ ሰው አጎትም ቢሆን ልጁን ይዞ እንዳይወጣ አለ። ጥበቃው የተቀጠረው ከታፔላው በፊት ነው። አሁን የሚከራከሩት ሹራቡ ላይ ስሙ በሙሉ ይጠለፍ ወይስ «አደራ» ብቻ ይበቃል በሚለው ላይ ነው።